«እንኳን አደረሳችሁ» በሚል ርዕስ የተላከ ጥያቄ

አለቃዬን አልወደውም ነበር፤ እሱም እኔን አይወደኝም ነበር። የማወራው ከቂም የጸዳ ነው ብዬ አልዋሽም። ፊት ለፊት «ጋሼ» እና «እርስዎ» እያልኩ ነበር የማናግረው፤ እዚህ ግን ጸሐፊዋ እኔ ስለሆንኩ «እሱ» እለዋለሁ።

ቢሯችን ከሚሴ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። የአንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ቅርንጫፍ ነን፤ ሥራችን በጨፋ ሸለቆ ማሾ የተባለውን ጥራጥሬ የሚያመርቱ የሴቶች ማህበራትን መደገፍ ነው። እሱ ኃላፊ፣ እኔ የሪፖርት ሠራተኛ። ጠረጴዛዎቻችን ትይዩ ስለሆኑ ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው የእሱን ግንባር ነው። ዋናውን ጉዳይ ሁሉ የምትወስነው ግን አዲስ አበባ ያለችው ዳይሬክተራችን ናት፤ ያለ እሷ የጽሑፍ ፈቃድ አንድም ውል አይፈረምም።

እሱ ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት ዕድሜውን የፈጀው በመንግሥት ቢሮ ነው። ኢሜይልንም የሚጽፈው እንደዚያ ዘመን ደብዳቤ ነበር። መጀመሪያ በወረቀት ያትመዋል፣ ይፈርምበታል፣ ማህተሙን እፍ ብሎ ይመታበታል፣ ስካን ያደርገዋል፣ ከዚያ በአባሪ ይልከዋል። ርዕሱ ሁልጊዜ «አስቸኳይ፤ ጉዳዩ፡- ትብብር ስለመጠየቅ» ነው። ትብብሩ የማተሚያ ቀለምም ይሁን የመኪና ጎማ ለውጥ የለውም። ኢሜይሉ ላይ የምትነበበውም አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት፤ «በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን በአባሪነት የተላከውን ደብዳቤ እንዲመለከቱልን በታላቅ ትህትና እንጠይቃለን።» የሚፈለገው ነገር አባሪው ውስጥ፣ ከታች በኩል ተደብቆ ይቀመጣል። መልስ ሲዘገይ «አዲስ አበቤዎቹ ንቀውን ነው» ብሎ ይቆጣል፣ እኔም አብሬ እንድቆጣ ይጠብቃል።

አንድ ጊዜ ዳይሬክተሯን ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀብዬ ወደ ከሚሴ አብሬያት መጣሁ። ከኋላ ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠን ስለነበር ስልኳን ሳልፈልግ አየሁት፤ እሺ፣ ፈልጌም አየሁት። መንገዱን ሙሉ ኢሜይሎቿን በአውራ ጣቷ ወደ ላይ ስትገፋ ነበር። ስልኩ የሚያሳያት ትንሽ ነው፤ የላኪው ስም፣ ከርዕሱ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቃላት፣ ከሥሩ ደግሞ ከመልእክቱ መጀመሪያ አንድ መስመር ወይ ሁለት። ሌላው ተቆርጦ ነጠብጣብ ይሆናል። የእኛ ቢሮ ኢሜይል ጋ ስትደርስ «አስቸኳይ፤ ጉዳዩ፡- ትብብር...» የሚለው ታየኝ፤ ከሥሩም «በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን...»። አውራ ጣቷ ሳይቆም አለፈው። ከፍ ሲል ሌላ መጣ፣ ያው የኛ፣ ያው ቃላት። እሱንም አለፈችው። አፈርኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ፤ ከዚያ ጠየቅኋት።

«ሰላምታውን አልጠላሁትም» አለችኝ። «ግን ምን እንደምትፈልጉ ከላይ ካልታየኝ ማታ ቤት ገብቼ አየዋለሁ እላለሁ። ማታ ሌላ ክምር ይጠብቀኛል። አባሪ ደግሞ በዚህ ኔትወርክ መች ይከፈታል?» ስልኳን ወደኔ አዘነበለችውና የባቲ ቅርንጫፍ የላከውን አሳየችኝ። ርዕሱ «እስከ ረቡዕ ይፍቀዱልን፤ የባቲ የሥልጠና አዳራሽ» ይላል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የሚፈቀደውን ይናገራል፣ ሁለተኛው ምክንያቱን። ምስጋናና ሰላምታው መጨረሻ ላይ ነው። የሐርቡን ከተማ ሳናልፍ «ተፈቅዷል» ብላ መለሰችላቸው። ባቲዎች ከእኛ የተሻሉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ የሚፈልጉትን ከላይ ስለጻፉ ነው።

ለአለቃዬ ይህንን ስነግረው መነጽሩን አውልቆ አየኝ።

«እኛ ሰው ቤት ስንገባ» አለ፣ «ሳንቀመጥ እጃችንን አንዘረጋም። ሰላም እንላለን፣ ከብቱን እንጠይቃለን፣ ልጆቹን እንጠይቃለን፣ ዝናቡን እንጠይቃለን፣ ከዚያ ነው ጉዳይ የሚነሳው። ይህን እናትሽ አላስተማረችሽም?»

«አስተምራኛለች ጋሼ። ግን ሴትዮዋ ቤቷ አይደለችም፤ መኪና ውስጥ ናት። ሰላምታዎ የስልኩን ፊት ሞልቶት ጉዳይዎ ወደ ውስጥ መግቢያ አጣ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሥራሽ ሪፖርት ነው።»

እናቴን ማንሳቱን እስከዛሬ አልረሳሁለትም። ለነገሩ ስለ ሰላምታ የተናገረው እውነት ነው፤ እኔም ቢሆን ጨፋ ሮቢት ገበያ አንድ ሽማግሌ ሳገኝ ቶሎ ወደ ጉዳይ አልገባም፤ ብገባም የሚሰማኝ የለም። ከእሱ ጋር የተጣላሁት በዚህ አይደለም። የተጣላሁት ለሚያየው ሰው የሚሆነውን ሰላምታ፣ በስልክ መስታወት ጠባብ ጉረሮ ለማያየው ሰው ሲገፋ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለዳይሬክተሯ ከእሱ በቀር ማንም እንዳይጽፍ አዘዘ። እኔም ወደ ሪፖርቴ ዞርኩ።

ይህ ሁሉ የሁለት ጸሐፊዎች ንትርክ ሆኖ በቀረ ነበር፣ አዴ ባትኖር ኖሮ።

አዴ፣ በኦሮምኛ እናት እንደማለት፣ የምንላት ጨፋ ሮቢት አጠገብ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ የአንዱ የሴቶች ማህበር ሰብሳቢ ናት። ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀለች ትናገራለች፣ ቁጣ አታውቅም፣ ቀልድ ግን ታውቃለች። ባለፈው ዓመት ማሾዋን አውድማ ላይ ደላላ ሚዛኑን ይዞ ሲመጣ ሸጠችው፤ ቤት ውስጥ ብታቆየው ነቀዝ ይበላዋል። ዋጋው ሲወጣ እጇ ላይ አንድ ፍሬ አልነበረም። ክረምት ሲገባም ለቤት ፍጆታ ከሁለቱ በሬዎቿ አንዱን ሸጠች። ዘንድሮ የምታርሰው በመቀናጆ፣ የቀረውን በሬዋን ከጎረቤት በሬ ጋር እያጣመረች ነው፤ ጎረቤቷ ሲጨርስ እሷ ትጀምራለች፤ ይህም ማለት ሁልጊዜ ዘግይታ ትዘራለች።

ዘንድሮ ግን መላ ዘየደች። ጨፋ ሮቢት ከመንገዱ ዳር አንድ ጥሩ መጋዘን አለ፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው የማያፈስ። ድርጅታችን ለማህበሩ ቢከራይላቸው ሴቶቹ ማሾውን በደንብ አድርቀው እዚያ ያስገባሉ፣ ዋጋው እስኪወጣ ይቆያሉ፣ አንድ ላይ ይሸጣሉ። እሷም በሬዋን ትመልሳለች። መስከረም ገብቶ ማሾው ሊለቀም ሲል ቢሮ መጥታ ጠየቀችን። ሴቶቹን «አውድማ ላይ እንዳትሸጡ» ብላ ያሳመነችው ራሷ ናት። ቃሏን ሰጥታለች።

«እናንተ ካልቻላችሁ ንገሩኝ» አለች። «የአክስቴ ልጅ ሁለት ክፍል ባዶ አለው፤ ጠባብ ነው ግን ያስጠጋናል። እሱን እንዳላጣው ብቻ።»

«አብሽሪ» አላት አለቃዬ። «ዛሬውኑ እጽፋለሁ።»

እሷ እንደወጣች ረቂቅ ጻፍኩለት። ርዕሱ፤ «እስከ መስከረም መጨረሻ ይወስኑልን፤ የጨፋ ሮቢት መጋዘን ኪራይ።» የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር፤ «ለማሾ ሴቶች ማህበር የጨፋ ሮቢት መጋዘን እንድንከራይ ይፍቀዱልን ወይም እንደማይቻል ይንገሩን፤ ባለቤቱ ከመስከረም በኋላ አይጠብቅም።» ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አንስቶ መለሰልኝ።

«ይህ ትእዛዝ ነው። "ወይም እንደማይቻል ይንገሩን" ትያለሽ ደግሞ። ለሰው እምቢታን በራስሽ እጅ ታቀብያለሽ?»

በራሱ ስልክ ጻፈ። ያን ሰሞን ዳይሬክተሯ ለሁሉም ቅርንጫፍ የበዓል መልካም ምኞት ልካ ነበር፤ እንቁጣጣሽና መውሊድ ተቀራርበው ስለዋሉ ሁለቱንም በአንድ ኢሜይል፣ «እንኳን አደረሳችሁ» በሚል ርዕስ። እሱ አዲስ ኢሜይል አልከፈተም። የእሷኑ መልእክት ከፍቶ «መልስ» የሚለውን ነካ፤ ሰው ሰላም ብሎህ ሳለ ሌላ ወሬ መክፈት ነውር ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ ርዕሱ እንዳለ «እንኳን አደረሳችሁ» ሆኖ ቀረ። ከሥሩም እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ለእርስዎም ለመላው ቤተሰብዎም፣ ዓመቱ የጤናና የበረከት ይሁንልን፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው እያለ ወረደ። መጋዘኑ የመጣው ምርቃቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ዝርዝሩም እንደ ልማዱ በማህተም ታጅቦ በአባሪ።

በማግስቱ መልስ መጣ። ስልኩን ከፍ አድርጎ አነበበልኝ። «አሜን፣ በጣም አመሰግናለሁ። ለናንተም መልካም ሁሉ ይሁንላችሁ።»

«ይኸው» አለ። «በጨዋ ደንብ ጠየቅናት፣ በጨዋ ደንብ ፈቀደች።»

«ይሄ ፈቃድ አይደለም ጋሼ። ለምርቃቱ ነው የመለሰችው። መጋዘኑን አላየችውም።»

«ጥያቄ ቀርቦላት "መልካም ሁሉ ይሁንላችሁ" ያለች ሰው ከለከለች ይባላል? ቅናት ነው አንቺን የያዘሽ።»

ስልኩን ይስጡኝ አልኩት፣ አልሰጠኝም። አንዲት መስመር ብቻ እንጨምር፣ «መጋዘኑን ፈቅደዋል ማለት ነው?» ብለን እንጠይቅ አልኩት። «ቃሏን እንድትደግም አላስገድዳትም» አለ። ከዚያ ለአዴ ደውሎ ተፈቅዷል አላት። አዴ በስልኩ ውስጥ ስትመርቀው ከጠረጴዛዬ ሆኜ ሰማሁ። እሱም አሜን፣ አሜን አለ።

መስከረም እንደዚያው አለቀ። ማሾው ተለቀመ፣ ተወቃ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። የመጋዘኑ ባለቤት ውል ካልተፈረመ ቁልፍ አልሰጥም አለ። አለቃዬ ውሉን ለአዲስ አበባ ሒሳብ ክፍል ላከ። የሒሳብ ሠራተኛዋ በአንድ መስመር መለሰች፤ «የዳይሬክተሯ የጽሑፍ ፈቃድ የታለ?» እሱም ያንን የበዓል ኢሜይል አስተላለፈላት። በማግስቱ ጠዋት የሒሳብ ሠራተኛዋ ደወለች፤ «ይህ እኮ የበዓል ምኞት ነው» እያለች ትስቅ ነበር፤ እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

በዚያው ጠዋት የመጋዘኑ ባለቤት ደወለ። አንድ ነጋዴ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልፈረማችሁ ለእሱ እሰጠዋለሁ አለ። አለቃዬ ወደ ዳይሬክተሯ ደወለ፣ አታነሳም፤ ስብሰባ ላይ ነች ተባለ። ስብሰባ ላይ ያለ ሰው ስልክ አያነሳም፤ ግን ስልኩን ከጠረጴዛ ሥር ያያል። ይህን እሱም ያውቃል፣ ራሱም የሚያደርገው ነው። ሆኖም ወረቀት አውጥቶ «በቅድሚያ» ብሎ መጻፍ ጀመረ። እኔ የቢሮውን ኢሜይል ከፈትኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየጠየቅኩ።»

«ያለኔ ፈቃድ ከዚህ ቢሮ አንድ ፊደል አይወጣም።»

«እንግዲያው ከሥራ ያባርሩኝ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ።»

አዲስ ኢሜይል፣ አዲስ ርዕስ። «ዛሬ እስከ 9 ሰዓት እሺ ወይ አይሆንም ይበሉን፤ የጨፋ ሮቢት መጋዘን።» ከዚያ፤ «ለማሾ ሴቶች ማህበር መጋዘኑን እንድንከራይ ይፈቅዳሉ? ከ9 ሰዓት በኋላ ባለቤቱ ለሌላ ይሰጠዋል። በበዓሉ ኢሜይል ውስጥ ጠይቀንዎት ነበር፤ ሳያዩት አልፎዎት ይሆናል። የኪራዩ ዝርዝር ከዚህ በታች ነው፤ አባሪ የለውም።» «አስቸኳይ» የሚለውን አልጻፍኩም፤ እሱ ለማተሚያ ቀለም ጨርሶታል። «ላክ» የሚለውን ነካሁት፣ ሄደ። አለቃዬ ከወንበሩ ተነስቶ ከጀርባዬ ቆሞ ነበር፤ ትንፋሹ አንገቴ ላይ ይሰማኝ ነበር። ተመልሶ ተቀመጠና ማህተሙን ኪሱ ከተተው፤ እንዳልሰርቀው ፈርቶ ይሁን እንጃ።

መልሱ ለምሳ ሳንወጣ ደረሰ።

«አይሆንም። በዚህ ፕሮጀክት ኪራይ አንከፍልም። ማህበሩ ሌላ ቦታ እንዲፈልግ አሁኑኑ ንገሯቸው።»

ግልጽ ጥያቄ እሺታን ይወልዳል ብዬ አምኜ ነበር መሰለኝ፤ የሚወልደው መልስ ብቻ ነው። ቀደም ብሎ በአንዲት መስመር ሊገኝ ይችል የነበረ «አይሆንም» ነው፤ የአዴ የአክስት ልጅ ባዶ ክፍሎች ሳይያዙ፣ ደላላው ሚዛኑን ሳያነሳ። አለቃዬ ስክሪኑን አየና ፊቱ በራ፤ ወላሂ በራ።

«አየሽ?» አለ። «እምቢታን ራስሽ ጠርተሽ አመጣሽው። እኔ በሰላምታ አቆይቼላት ነበር።»

በዚህ መሀል አዴ ገባች። የመጋዘኑ ባለቤት ደውሎላት ከጨፋ ሮቢት በሚኒባስ ነው የመጣችው፤ ውል ሊፈረም መስሏት ጥቁር ሻሿን አስራለች።

«አካም ኦልታን» አለችን፤ እንደምን ዋላችሁ ማለቷ ነው።

አለቃዬ ተነሳ። ወንበር ሳበላት። «አዴ፣ ነጋዳ፣ ሰላም ነው? ልጆቹ ደህና? ከብቱስ? ዝናቡ ዘንድሮ ማሻአላህ...» እያለ ቀጠለ። አንድ ባንድ መለሰችለት፣ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ። ግን እሱ ወደ ጉዳዩ እንደማይደርስ ሳውቅ፣ እሷም እያየችኝ መሆኑን ሳይ፣ አቋረጥኩት።

«አዴ፣ አልተፈቀደም። መጋዘኑን አንከራይም።»

አልተቀመጠችም። ወንበሩ እሷና እሱ መሀል ቆሞ ቀረ።

«ተፈቅዷል ብላችሁኝ ነበር» አለች።

«አልተፈቀደም ነበር።»

«የአክስቴ ልጅ ክፍሎቹን ለጤፍ ነጋዴ ሰጣቸው፤ እኔ ነኝ ስጥ ያልኩት። እናንተን ብዬ።» ድምጿን አላነሳችም። «ሴቶቹ ማሾውን ጆንያ ሞልተው ደጄ ደርድረውታል። ደላላው ትናንት መጥቶ አይቶት ሄዷል። ቤት የሌለው ማሾ መሆኑን ካወቀ በዋጋው ይጫወትብናል።»

አለቃዬ ስለ አላህ ውሳኔና ስለ ትዕግሥት አንድ ነገር ጀመረ። እጇን አነሳችና አስቆመችው፤ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጣ ያየሁባት።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ለሴትዮዋ መቼ ነው የጠየቃችኋት?»

«ከመውሊድ በኋላ ወዲያውኑ ነው» አለ እሱ። «በትልቅ ክብር ነው የጠየቅናት፣ አዴ።»

«መልሱስ መቼ መጣ?»

«ዛሬ» አልኩ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ አስባበት ነው?»

እሱ አየኝ። ዓይኑ ዝም በይ ይለኝ ነበር፤ ምናልባት ይለምነኝም ነበር፣ እኔ ግን ልመናውን ለማየት አልፈለግኩም።

«የተጠየቀችው ዛሬ ነው፣ አዴ። ጠዋት። እንደጠየቅናት መለሰች።»

አዴ እሱን አየችው፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ የሁለታችንን ጠረጴዛ። ነጠላዋን በትከሻዋ አስተካከለች።

«እንግዲያው እሷ አላጠፋችም» አለች።

እኛ ሀገር የተጣላ ሰው እንኳ ሲለያይ ነጋቲ ሳይል፣ ደህና ሁኑ ሳይል አይወጣም። እሷ ሳትለን ወጣች። ማሾውን በዚያው ሳምንት በአውድማ ዋጋ ሸጠችው።